አምስት ቀን ለአጎቴ ሞት

ይሄ ልጅ ሲበዛ ረጅም፣ ሲበዛ ቀጭን ነው። «ሜትሮ» ብለው ስም ያወጡለት ልብስ ሰፊው አጎቱ ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ከሚያንጠለጥሉት ሜትር ጋር አስተያይተው። አጎትየውን ካነሳን አይቀር፣ እንደሳቸው ያለ ሰፊ ዘንድሮ የለም። ሰው ገና በር ላይ ቆሞ ሳለ ወገቡን በዓይናቸው ለክተው ይጨርሱ ነበር። ስንቱን ሰፊ ያየሁ ሰው ነኝ ይሄን የምለው፤ ዝም ብላችሁ እመኑኝ።

አባትየው የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት አይገኝም፤ ሜትሮን ያሳደጉት አጎቱ ናቸው። እሳቸው ታዲያ ረቡዕ ሆስፒታል ሞቱ፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ ተቀበሩ። የልጁ የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መግባት አለበት። ካልገባ ዜሮ ነው፤ ዜሮ ከሆነ ምርቃት የለም፣ ዓመቱን መድገም ነው።

ከቀብር መልስ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ለመምህርቷ ኢሜይል ሊጽፍ ተቀመጠ። የስሟን ሁለት ፊደል ሲነካ ግን የባለፈው ዓመት ኢሜይል ብድግ ብሎ መጣ። «ያሳደጉኝ አጎቴ በድንገት ስላረፉ የማስረከቢያ ቀኑ እንዲራዘምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ይላል። ያኔ ማንም አልሞተም። ሜትሮ ሳምንቱን ሙሉ ኳስ ሲያይ ከርሞ ነው። መምህርቷም ማስረጃ አምጣ አላለችም፤ «ያጽናህ፤ አምስት ቀን ጨምሬልሃለሁ» ብላ መልሳለት ነበር።

ይባስ ብሎ ነገሩን ለአጎቱ ለራሳቸው እንደ ቀልድ ነግሯቸዋል። ከስፌት መኪናው ቀና አሉና፣

«ገደልከኛ። ለስንት ቀን?»

«ለአምስት ቀን፣ ጋሼ።»

«ረክሻለሁ በለኛ» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳሉ ግን ከዚያ ወዲያ አልለቀቃቸውም። የመመረቂያ ሱፉንም ምርቃቱ ስድስት ወር ሲቀረው ሰፍተው ጨረሱት። ምን አስቸኮለዎት ሲባሉ፣ የሞተ ሰው ሥራ አያሳድርም እያሉ ያሾፉ ነበር። ሚስታቸው አታሟርት ብላ ትቆጣለች፤ ሜትሮ እየሰማ አንገቱን ይደፋል።

አብሮት የሚያድረው ልጅ፣ በክርክሩ «ጠበቃው» የሚሉት፣ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ስክሪኑን አየ።

«አጎትህንማ በልተሃቸዋል፤ ሁለቴ አይሞቱም» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አባትህን አድርገው። እሱን እስካሁን አልነካኸውም።»

«ማስረጃ ብትለኝስ?»

«ያኔስ መቼ ጠየቀችህ?»

ሜትሮ ጻፈ። የትምህርቱን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ «ክብርት መምህርት» አለ፣ ቀጥሎ «ወላጅ አባቴ» ብሎ ሳይጨርስ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አባቱ ነው። ኮሪደር ወጥቶ አነሳ። ቀብሩ እንዳለቀ መንገድ ጀምሬያለሁ፣ ጭነቱ ሰኞ መድረስ አለበት አለው አባቱ። ሁለት ቀን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም አለ፤ ግን አታስብ አለ።

ሲመለስ ጽሑፉ እንዳለ ይጠብቀዋል፦ ወላጅ አባቴ። ጠቋሚው ከጎኑ ብልጭ ድርግም ይላል። ሜትሮ አንድ ባንድ አጠፋው።

«አበድክ እንዴ?» አለ ጠበቃው።

ሜትሮ አዲስ ጻፈ፦ «ያሳደጉኝ አጎቴ ትናንት አርፈው ዛሬ ተቀብረዋል። የሆስፒታሉን የሞት ማስረጃ አያይዤያለሁ። ባለፈው ዓመት እሳቸው ሞቱ ብዬ የጻፍኩልዎ ውሸት ነበር፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከጽሑፉ አራት ምዕራፍ አልቋል፣ የቀረኝ አንድ ነው። አምስት ቀን ቢጨምሩልኝ አስረክባለሁ።» ላከው።

ሐሙስ መልስ የለም። ዓርብ ቀትር አለፈ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሁንም የለም። አሥር ተኩል ላይ መጣ። «ለሐዘንህ ያጽናህ። እስከ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ተራዝሞልሃል። የባለፈውን ግን ለትምህርት ክፍሉ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ቢሮዬ ና።» አምስት ቀን። ልክ እንደ ያኔው።

ሰኞ አጎቱ የሰፉለትን ሱፍ ለብሶ ሄደ። ሌላ ደህና ልብስ አልነበረውም። ትከሻው ላይ ልክክ ብሏል። ቅዳሜም እሑድም አባቱ ጋ ቢደውል ስልኩ ዝግ ነበር፤ ኔትወርክ የሌለበት መንገድ ነው ብሎ ራሱን ሲያባብል ሰነበተ።

መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ኢሜይሎች ታትመው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁጭ በል አለችው። ሳይቀመጥ የሱፉ ኪስ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አወጣው፤ የአባቱ ቁጥር ነው።

«አንድ ደቂቃ ቢፈቅዱልኝ» አላት።

«ማነው?»

«አባቴ ነው።»

መምህርቷ ወረቀቶቹን አየች፣ ልጁን አየች።

«አንሳው» አለችው።

አነሳው። «አባዬ» አለ። የመኪና ድምፅ ይሰማል፣ የብዙ ሰው ጫጫታም ይሰማል። ቆይቶ አንድ የማያውቀው ሰው ጉሮሮውን ጠረገና፣ የባለስልኩ ልጅ አንተ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው።