በባንኩ ግድግዳ ላይ የጻፍሁት መስመር

እስራኤል አገር፣ አፉላ ከተማ ውስጥ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ብዙም በማይርቅ የባንክ ቅርንጫፍ እሠራለሁ። የመስከረምና የጥቅምት በዓላት እንዳለፉ ዋናው መሥሪያ ቤት የበዓል ቁጠባ ዘመቻ ጀመረ። ነገሩ ቀላል ነበር፤ ደንበኛው በወር የሚችለውን ይወስናል፤ ደመወዝ በገባ ማግስት ያ ገንዘብ በራሱ እየተቀነሰ ለብቻው ይቀመጣል፤ የፋሲካ በዓላችን ፔሳሕ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይለቀቅለታል።

ከዘመቻው ማስታወቂያ ጋር ለእኛ ለሠራተኞች አንድ ገጽ መመሪያ መጣ። ደንበኛውን ስለ ወጪው አትገሥጹ፤ አምና ሚኑስ መግባቱን፣ ማለትም ሒሳቡ ከዜሮ በታች ወርዶ የባንኩ ባለዕዳ መሆኑን፣ አታንሡበት፤ በዓሉን እንዴት እንደሚያሳልፍ ጠይቁትና ከዚያ ጀምሩ ይላል። ሥራ አስኪያጇ ማስታወቂያውን ወደ አማርኛ እንድመልሰው ሰጠችኝ። የዕብራይስጡ ርእስ «በዓላችሁን ከአሁኑ ጀምሩት» የሚል ነበር። ለስላሳ ሆነብኝ። ከኢትዮጵያ የመጣው የእኛ ሰው ካልቆነጠጡት አይሰማም አልሁና «በበዓል ማግስት ከማፈር ቀድሞ መቆጠብ» ብዬ ጻፍሁ። ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያነብ ስላልነበረ ማንም አላረመኝም። እንዲያውም ኮርቼበት ነበር።

ማስታወቂያው ከመቀመጫዬ ኋላ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ በሳምንቱ አንዲት ሴት ካርዳቸውን ሊቀይሩ መጡ። ጊቫት ሃሞሬ በሚባለው ሰፈር ከእናቴ ጋር በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ፣ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ምግብ ሲያሽጉ የሚውሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ማንበብ የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ ድምፅ እያወጡ ነው የሚያነቡት። ከጀርባዬ ያለውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል አነበቡት። ወረፋ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት የእኛ ሰዎች ሰምተው ወደ መሬት አቀረቀሩ።

«ልጄ፣ ይህን ማን ጻፈው?» አሉኝ።

«ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የመጣው፣ እማማ» አልሁ።

«እንግዲያ የጻፈው ሰው አያውቀንም። እኔ በበዓል ማግስት አፍሬ አላውቅም። ሦስቱ ልጆቼ ከነልጆቻቸው ይመጣሉ። ወታደሩ የልጅ ልጄ ቤተሰቡ ሩቅ አገር የቀረ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ሚኑስ እንደምገባ አውቄ ነው የምገባው። ትርፍ ፈረቃ ሠርቼ ሰኔ ሳይወጣ እዘጋዋለሁ።»

ድምፃቸውን አላነሡም። ካርዳቸውን ተቀብለው፣ አመስግነውኝ ወጡ። ስለ ቁጠባው አንድም ቃል አልጠየቁኝም።

 የዐሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ እንዳስተረጉምላት ባንክ ይዛኝ ሄዳ ነበር። የባንኩ ጸሐፊ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ ገንዘብ የሌለው ሰው ድግስ አይደግስም» አለችኝ፤ እኔም ቃል ሳላጎድል አስተረጎምሁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ያን ዕለት ያፈርሁት በጸሐፊዋ ሳይሆን በእናቴ ነበር። ያኔ የተሸከምሁትን ቃል አሁን ማንም ሳያዝዘኝ፣ በራሴ እጅ ጽፌ፣ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ።

ለሥራ አስኪያጇ ነገርኋት። መስመሩን ወደ ዕብራይስጥ መልሼ አነበብሁላት። «መመሪያውን አንብበሽው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አንብቤው ነበር።»

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ራሴ አወረድሁትና የዕብራይስጡን ርእስ እንዳለ ተርጉሜ ጻፍሁ።

ዓርብ ዕለት ወደ ጊቫት ሃሞሬ ወጥቼ የሴትዮዋን በር አንኳኳሁ። ገና ሳልቀመጥ «ያን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ዋሽቼዎታለሁ» አልኋቸው።

እጃቸውን በፎጣ እያደራረቁ ፊቴን አዩት። «ዐውቄ ነበር። ስትመልሽልኝ ዐይን ዐይኔን አላየሽም» አሉ። ቆየት ብለው «የከፋኝ ጽሑፉ አይደለም። በሰው ፊት መሆኑ ነው» ብለው ጨመሩ።

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ይቅር ማለታቸውን ግን አልነገሩኝም፤ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁም።

በሚቀጥለው ወር ከፈረቃ ሲወጡ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ባንክ መጡ። ሌሎች ሠራተኞች ጋም ባዶ ወንበር ነበር፤ እኔ ጋ ተቀመጡና ለበዓሉ መቆጠብ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ለፔሳሕ ስንት እንግዳ እንደሚጠብቁ ጠየቅኋቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ማን ምን እንደሚወድ ሳይቀር ነገሩኝ። ሒሳባቸው ገና ሚኑስ ላይ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ እሱን መዝጋት እንደሚሻል፣ የሚኑሱ ወለድ ቁጠባው ከሚያስገኘው እንደሚበልጥ ማስረዳት ነበረብኝ። አልነበረም፤ እንዳሉት በሰኔ ተዘግቷል። ለወር የሚቀነሰውን ልክ ራሳቸው ወሰኑ። እኔ ትንሽም ትልቅም አላልሁ።

ሲፈርሙ እጃቸው ቀስ ይላል። ሲቸገሩ እያየኋቸው መስሏቸው እንዳይከፋቸው፣ ዐይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ጠበቅኋቸው። ፊቴ ግን ከእፍረት የተነሣ እስከ ጆሮዬ ይግል ነበር።