ከወረቀት ሥር የቀሩ ስምንት ቀኖች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በነበረ አንድ የጭነት መኪና ድርጅት ስድስት ዓመት በጸሐፊነት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የሠራተኛውን የዓመት ፈቃድ መያዝ ነበር። ማን ስንት ቀን ማረፍ እንደሚችል የማውቀው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሰው ሁሉ ከሩቅ ሰላም ይለኛል። ያኔ ስለ ጠባዬ ይመስለኝ ነበር።

የድርጅቱ ደንብ ቀላል ነው። ከተማ የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ወር አንድ ቀን ተኩል ፈቃድ ያገኛል። በረሃ ውስጥ ባሉት የነዳጅና የውሃ ጣቢያዎች የሚሠራ ደግሞ ለወሩ ሁለት ቀን ተኩል ያገኛል፤ ለሙቀቱ ማካካሻ መሆኑ ነው። ድሬዳዋን በግንቦት የሚያውቅ ሰው የሙቀቱ ልዩነት ብዙም አይታየው ይሆናል፤ ደንቡ ግን የወጣው አዲስ አበባ፣ ካፖርት በለበሱ ሰዎች ነው። ዓመቱ ከመስከረም ይጀምርና ነሐሴ ሲያልቅ ይዘጋል፤ ከመዘጋቱ በፊት የተጠየቀ ፈቃድ ግን ወደ መስከረም ቢሻገርም ይቆጠራል። ጳጉሜን ማንም አይቆጥራትም።

ከኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ ለየብቻ ሲያሰላ ነሐሴ ሙሉ ያልቅበት ነበር። እኔ ብልህ ነበርኩ። አንድ ሠንጠረዥ ሠራሁ። በግራ በኩል የሥራ ቦታዎቹ፣ ከላይ ደግሞ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ወሮቹ ተጽፈዋል። ሰውየው የት እንደሚሠራ አይተህ አንዱን ጣት በግራ ታስቀምጣለህ፤ በዓመቱ ውስጥ ስንት ወር ድርጅቱ ውስጥ እንደቆየ አይተህ ሌላውን ከላይ ታስቀምጣለህ፤ ጣቶቹ የሚገናኙበት ላይ ያለው ቁጥር ፈቃዱ ነው። በጥር የተቀጠረ ቢሆን ከጥር እስከ ነሐሴ ስምንት ወር ይሆናል፤ ያለ ምንም ሂሳብ ይገኛል። አለቃዬ፣ ከጎንደር የመጡ ደንብ አክባሪ ሰው፣ ሠንጠረዡን በታይፕ አስመትተው ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ጸድቆና ማኅተም ተደርጎበት ተመለሰ፤ በመስታወት ተደርጎም ከወንበሬ ጀርባ ተሰቀለ። እስከ ዛሬ በመስታወት የተሰቀለልኝ ሌላ ሥራ የለኝም።

ሌላም ብልሃት ነበረኝ። ሠራተኛ ሲዛወር አዲስ ካርድ መክፈት ወረቀት ማባከን ስለመሰለኝ፣ በአሮጌው የሥራ ቦታ ላይ ቀጭን ወረቀት በሙጫ እለጥፍና አዲሱን ቦታ እጽፍበታለሁ። ካርዱ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። አለቃዬ ስለ ቁጠባዬ በሰው ፊት አመስግነውኛል።

ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ረዳት የነበሩ አንድ ሱማሌ ሽማግሌ ፈቃድ ሊጠይቁ መጡ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለውን ሰው አዴር፣ አጎቴ እንደማለት ነው፣ እያልን ነው የምንጠራው። እሳቸው ደግሞ እኔን ከራኒ ይሉኛል፤ መጋላ ሰፈር ውስጥ ጸሐፊ ሁሉ ከራኒ ነው። ሰባት ዓመት በበረሃ ጣቢያ ውሃ ሲጠብቁ ኖረው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲል በስንት ማመልከቻ በግንቦት መጀመሪያ ወደ ከተማ የተዛወሩ ናቸው።

ጉዳያቸው የልጃቸው ሠርግ ነበር። ልጅቷ ኦጋዴን ከእናቷ ዘመዶች ዘንድ ነው ያደገችው። በመስከረም መጀመሪያ ኒካሕ ይታሰራል፤ የሚድራት ደግሞ አባት ነው። አዴር መንገዱን በጣታቸው ቆጠሩልኝ። እስከ ጅግጅጋ አንድ ቀን፣ ከዚያ ወዲያ የነጋዴ መኪና እየጠበቁና እየጫኑ አምስት ቀን፤ መሄጃው ስድስት፣ መመለሻው ስድስት፣ ሠርጉ ሦስት። አሥራ አምስት ቀን መሆኑ ነው። አንድ ቀን ደግሞ መኪና ከተበላሸ ትጨመር አሉ፤ አሥራ ስድስት። የኛ መኪናዎች አዴር ከሚሄዱበት አገር በስተቀር ወደ ሁሉም ቦታ ይሄዱ ነበር።

ካርዳቸውን አወጣሁ። የሥራ ቦታ፣ ከተማ ግምጃ ቤት። በዓመቱ ውስጥ፣ አሥራ ሁለት ወር። ጣቶቼ አሥራ ስምንት ላይ ተገናኙ። በጥር ታመው አሥር ቀን ወስደዋል። ቀሪው ስምንት ሆነ። ስምንት ቀን አለዎት ብዬ ካርዱን ዘጋሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት ማለትም አልረሳሁም።

አዴር አልተቆጡም። አሥራ ስድስት ነው አሉ። ቁጥሩን በዕቃ ግምጃ ቤት ሰው ድምፅ ነው የተናገሩት፣ ጣሳ እንደሚቆጥር ሰው። እኔም ሠንጠረዡን አሳየኋቸው፤ ማኅተሙን አሳየኋቸው። ማኅተሙን በአክብሮት አዩት። ከዚያ ካርዱን ስጠኝ ብለው ተቀበሉኝና ወደ መስኮቱ ሄደው ከፀሐይ ፊት ያዙት።

«ከራኒ፣ ና እይ» አሉኝ። «እዚህ ውስጥ እኔ አለሁ አቦ።»

ሄድኩ፣ አየሁ። በለጠፍኩት ወረቀት ሥር የራሴ እጅ ጽሑፍ በፀሐዩ ብርሃን ጠቁሮ ይነበባል፤ የበረሃ ጣቢያ፣ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ። ሂሳቡን ቁጭ ብዬ በእጄ ሠራሁት። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ስምንት ወር በበረሃ፣ በሁለት ተኩል፣ ሃያ ቀን። ከግንቦት እስከ ነሐሴ አራት ወር በከተማ፣ በአንድ ተኩል፣ ስድስት ቀን። ሃያ ስድስት። አሥሩ ሲነሣ አሥራ ስድስት። የኔ ሠንጠረዥ ሰውየው ዛሬ የት እንዳለ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ መቼ እንደመጣ አይጠይቅም። አሥራ ሁለቱንም ወር ከተማ ተቀምጠው እንደሠሩ አድርጎ ቆጠራቸው። ሙቀቱ እንደ ሆነ ስምንቱን ወር የተሰማቸው እሳቸው ናቸው።

አፍሬ ነበር፤ ግን ማፈሬን እንኳ ወዲያው ወደ ሥራ ቀየርኩትና ካርዱን ይዤ ወደ አለቃዬ ገባሁ። ከእሳቸው በኩል በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

አለቃዬ በጥሞና ሰሙኝ። ሂሳቡን ራሳቸው ደግመው ሠሩት፤ እሳቸውም አሥራ ስድስት አገኙ። ትክክል ነው አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ሠንጠረዡ የጸደቀው በአዲስ አበባ ደብዳቤ ስለሆነ የሚታረመውም በአዲስ አበባ ደብዳቤ ነው አሉኝ። ቴሌግራም እንላክ አልኩ። ቴሌግራም ደብዳቤን አይሽርም አሉ። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣቸው አልኩ። እሱም የአዲስ አበባ ነው አሉ። ከመጪው ዓመት በቅድሚያ ይታሰብላቸው አልኩ። ያልተሠራ ወር ፈቃድ የለውም አሉ፤ ይህ አንቀጽ ደግሞ በእውነትም ነበረ።

ቀጥሎም አንድ ነገር ጠየቁኝ። በዚያው ዓመት በሐምሌ መጀመሪያ ከከተማ ወደ በረሃ ያዛወርናቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ስንት ቀን ወሰዱ አሉኝ። ካርዶቹን አመጣሁ፤ ወደ ፀሐይም ያዝኳቸው። አሥሩን ወር ከተማ፣ ሁለቱን ብቻ በረሃ ሠርተዋል፤ የሚገባቸው ሃያ ቀን ነው። ሠንጠረዤ ለእያንዳንዳቸው ሠላሳ ሰጥቷቸዋል፤ እነሱም ወስደው፣ አርፈው፣ ተመልሰዋል። አንዳቸውም መጥቶ በዛብኝ አላለም። አለቃዬ «ለአዴር በእጄ ከፈረምኩ፣ እነዚህም አሥር አሥር ቀን ዕዳ አለባቸው ብዬ በዚያው ብዕር መፈረም አለብኝ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይጠየቅ» አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እሳቸውን መጥላት ይቻለኝ ነበር።

ደብዳቤውን በዚያው ቀን ጻፍኩ። ከሕይወቴ ሁሉ ጥሩው ደብዳቤዬ ነው።

ለአዴር ሁሉንም ነገርኳቸው። ስምንቱን ይዘው ቢሄዱ ሠርጉን አንድ ሌሊት እንኳ ሳያዩ መመለሻቸው ያልፋል። ከሦስት ቀን በላይ ያለ ፈቃድ የቀረ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ በረሃ ላይ ያሉ ስንት ሰዎች ያቺን የግምጃ ቤት ወንበር እንደሚጠብቁ ደግሞ ከኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። አዴር ነገ እመለሳለሁ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ሳይሞላ፣ ቢሮው ለሙቀቱ ከመዘጋቱ በፊት መጡ። ከመጋላ ሼኽ ጋር ተማክረዋል። አባት መሄድ ካልቻለ ወንድሙን መወከል ይችላል፤ የሁለት ሰው ምስክርነት ይበቃል። የዘበኛችንንና የአንድ ሾፌራችንን እጅ ይዘው ገቡ፤ ሁለቱም የመጋላ ሰዎች ናቸው። ውክልናው በቃልም ይበቃል፣ ግን ወንድሜን እዚያ ማንም እንዳይጠራጠረው ጻፍልኝ አሉኝ።

ጻፍኩ። እኔ እገሌ፣ ልጄን እንዲድርልኝ ወንድሜን ወክያለሁ። ምክንያቱን ልጻፍ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ጸሐፊ ምክንያት ይወዳል። አዴር «ሥራ በለው» አሉ። ሥራ ብዬ ጻፍኩ። አውራ ጣታቸውን በቀለም ነክረው በስማቸው ላይ አሳረፉ። ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ከቀፊራ ገበያ በተነሣ የነጋዴ መኪና ኦጋዴን ሄደ። እሱ ፈቃድ አያስፈልገውም።

የአዲስ አበባው መልስ የመጣው ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ግን ያኔ ተረቱን አላስታወስኩትም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። መልሱ የጠየቅነውን ሁሉ ይሰጣል። ከእንግዲህ የዝውውሩ ቀን ይጠየቃል፤ ከዝውውሩ በፊት ያሉት ወሮች በፊተኛው ቦታ፣ በኋላ ያሉት በኋለኛው ይታሰባሉ። በካርድ ላይ መለጠፍ ክልክል ነው። የሦስቱ ሰዎች ትርፍ ቀን ለዚህ ጊዜ ይቅር ይባላል። ከአዴር የተቀነሰው ስምንት ቀን ተመልሶ ወደ አዲሱ ዓመት ይዛወራል። ደብዳቤውን ይዤ በዚያ ፀሐይ ወደ ግምጃ ቤቱ በሩጫ ሄድኩ።

አዴር የዘይት ጣሳ እየቆጠሩ ነበር። አነበብኩላቸው። ጥሩ ነው አሉ። ሠርጉ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅኩ። ጥሩ ነበር፣ ወንድሜ ደኅና አድርጎ ድሯታል አሉ። ልጅቷ ግን ደብዳቤው ሲነበብ አባቴ ምን ዓይነት ሥራ ነው የያዘው ብላ ጠይቃለች፤ ግምጃ ቤት ነው ብለዋታል፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው ጣሳዎቹ ላይ ነበር።

ስምንቱን ቀን መቼ መውሰድ እንደሚፈልጉ ጠየቅኳቸው። ካርዱን ይዤ ነበር የመጣሁት፤ እርሳስም ነበረኝ።

«አንተ ውሰዳቸው ከራኒ» አሉ፣ ቀና ብለው እያዩኝ። «ወጣት ነህ። ወላሂ አንድ ቀን ልጅ ትድራለህ።»

ማልቀስ ነበረብኝ ወይም ይቅርታ መጠየቅ፤ ይቅርታ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አልጠየቅኳቸውም ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አዴር» አልኩ፣ «ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«አውቃለሁ» አሉና የደረሱበት ቁጥር ጠፍቷቸው ጣሳዎቹን እንደገና ከአንድ ጀመሩ።