ማጨብጨብ የተሰረዘበት ዕቅድ

ሰበታ ሙዚቃ ሳስተምር ትምህርት ቤታችን የነበረው አንድ ከበሮ ብቻ ነው፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ደግሞ ስልሳ ነበሩ። ስለዚህ የሳምንቱን የትምህርት ዕቅድ በእጅና በእግራቸው ላይ መሠረትኩት። ግማሹ ክፍል አራቱን ምት እኩል እየረገጠ ይቆጥራል፤ ሌላው አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ያጨበጭባል፤ ከበሮው በየተራ ይዞራል።

ያን ሳምንት በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተነሳ የጂማ መንገድ ተዘግቶ ወታደሮች አጥራችን ሥር ቆመው ነበር። ርዕሰ መምህሩ ዕቅዴን ሊፈርም ሲያነብ ድንገት ቀና አለ።

«ስልሳ ልጅ ባንዴ ሲረግጥና ሲያጨበጭብ፣ ውጭ ያለው ወታደር የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ ነው የሚል ይመስልሻል?»

መርገጡንም ማጨብጨቡንም ሰረዘ፤ በላዩ «በገለጻ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። አልተከራከርኩትም፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

ሰሌዳው ላይ አራት ጭረት ጭሬ ስለ ምትና የቱ ላይ እንደሚጨበጨብ አወራሁ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መቼ ነው የምናጨበጭበው?»

«ዝም ብለሽ ጻፊ!» አልኳት።

ጻፈች። ዞር ስል ግን ከዴስኩ ሥር የልጆቹ ጣቶች ጉልበታቸውን እየነኩ፣ አንዱም ሳይዛነፍ፣ አራቱን ምት ይቆጥራሉ። በሙሉ ልብ ያስተማርኳቸው ይመስል ነበር።

«እጅ ዴስክ ላይ!» ብዬ ጮህኩ። ጣቶቹ ቆሙ።

ርዕሰ መምህሩ ለካ በር ላይ ቆሞ ሲገመግመኝ ኖሯል። ቅጹ ላይ «ክፍሉን ጸጥ አድርጋ ትይዛለች» ብሎ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠኝ። የሙዚቃ መምህርት ነኝ፤ ፈርሜ ተቀበልኩ።