ጨው ይቀንሱ ወይስ ቢምቢ

በደርግ ጊዜ ወደ ወዳጅ ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት ስንላክ ጓደኞቼ ሞስኮና በርሊን ሲደርሳቸው ለእኔ ሃኖይ ወጣልኝ። መስኖ ተምሬ ተመለስኩና ሸዋ ሮቢት አጠገብ አንድ የመንግሥት እርሻ ላይ ተመደብኩ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። እርሻው ሩዝ እንዲያስለምዱ የመጡ አንድ የቬትናም ሽማግሌ ነበሩት፤ ሽማግሌው ደግሞ ከገዛ ቋንቋቸው በቀር ሌላ አያውቁም።

የእኔ ቬትናምኛ ከሁለት ቦታ የተለቀመ ነበር፦ ከመስኖ ክፍልና ከፖለቲካ ስብሰባ። ስለ ቦይና ስለ አብዮት ከተነሳ የሚያህለኝ አልነበረም። ስለ ሆድ ቁርጠት ግን አንድ ዓረፍተ ነገር አልነበረኝም።

በቬትናምኛ ዝም ብሎ “እኔ” እና “አንተ” የለም። ታላቅህን “ባክ” ትለዋለህ፣ እንደ ትልቅ አጎት መሆኑ ነው፤ ራስህን ደግሞ “ቻው” ትላለህ፣ የወንድም ልጅ ማለት ነው። ሠራተኞቹ “ባክ፣ ባክ” ስል እየሰሙ አክብሮት ጨመሩበትና ሽማግሌውን “ጓድ እባክዎ” ብለው ጠሯቸው። ስሙ ጸደቀ። እሳቸውም ሲጠሩበት አቤት ይሉ ነበር።

ጓድ እባክዎ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ከማለዳ ጀምሮ ጭቃ ውስጥ ይቆማሉ። አንድ ሰሞን እግራቸው አበጠ። በጣት ሲጫኑት እንደ ሊጥ ይሰረጉዳል። ቀጥሎ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ እያጠራቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ማደር ጀመሩ። በእርሻው መኪና ጭነን፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን፣ ደጋ ላይ ወዳለ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ተኙ፤ ታከሙ፤ እብጠቱ ጎደለ። የሚወጡ ዕለት እኔ ለማስተርጎም ተጠራሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ይቸኩላል። መመሪያውን በእንግሊዝኛ ጽፎ አንድ ጊዜ አነበበልኝና ወደ ሌላ ክፍል ሄደ። ከእኛ ጋር የቀረችው የክፍሉ ነርስ ናት፤ በዕድሜ ጠና ያለች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ በማውቀው ቬትናምኛ ጀመርኩ። “የተከበሩ ጓድ ባክ! ልብዎ የተጣለበትን ኮታ ማሟላት ተስኖታል። ስለዚህ ፈሳሽን በሚመለከት በቁርጠኝነት መታገል ይጠበቅብዎታል።” ሽማግሌው ከአልጋቸው ተነሥተው ቀጥ ብለው ቆሙ። ስጨርስ አጨበጨቡ።

ነርሷ አየችኝ። “ምን አልካቸው?”

“ሐኪሙ የጻፈውን ነዋ፣ ሲስተር።”

“ታዲያ አባባ ለምን ያጨበጭባሉ?”

የሐኪሙን ወረቀት ገልብጬ አየሁት።

“ደግሞ በየመሐሉ ቻው ቻው የምትላቸው ወዴት ልትሄድ ነው?” አለች። ቻው ማለት እኔ መሆኔን አስረዳኋት። ብዙም አላመነችኝ። “ስማ፣ ለገዛ አጎትህ ቤት ውስጥ እንደምታወራ አድርገህ ንገራቸው። ከዚያ እሳቸው በራሳቸው አፍ መልሰው ይንገሩኝ። እሺ ማለት አይበቃኝም፤ እሺ ማለት ሁሉም ይችላል።”

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና የማውቀውን ተራ ቃል ሁሉ ፈለግኩ። የማውቀው የሩዝ ማሳ ብቻ ነው። “ባክ፣ ልብዎ ፓምፕ ነው” አልኳቸው። “ፓምፑ ደክሟል። ሲደክም ውሃው በደንብ አይገፋም፤ ታችኛው ማሳ ላይ ይተኛል።”

ሽማግሌው እግራቸውን አዩ። “ታችኛው ማሳ ይሄ ነው?”

“አዎ።”

“ውሃ ማስተንፈሻ ቦዩስ?”

አንዱን የክኒን ፖስታ አነሣሁ። “ይህ ክኒን ነው ቦዩን የሚከፍተው። ሲውጡት ሽንት ይመላለስብዎታል፤ ውሃው በዚያ በኩል ይወጣል።” ለሽንት የተጠቀምኩበት ቃል ሃኖይ ኳስ ሜዳ ላይ ከልጆች የሰማሁት ነበር። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ነርሷ ሳቁን ስታይ ደስ አላት፤ አሁን የገባቸው ነገር አለ አለች። ሁለተኛው ክኒን ለራሱ ለፓምፑ ማበርቻ መሆኑን፣ እሱንም በቀን አንድ ብቻ እንደሚውጡ፣ ቢረሱ በማግስቱ ሁለት አድርገው እንዳይውጡ ነገርኳቸው። መልሰው በትክክል ነገሩን።

ቀጥሎ ጨው መጣ። በቬትናምኛ ጨው “ሙኦይ” ነው። “ሙኦይ በጣም ይቀንሱ” አልኳቸው። ሽማግሌው በከፍተኛ ስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁና ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

“ምን አሉ?” አለች ነርሷ።

እየተረጎምኩ ስሄድ ድምፄ እየቀነሰ መጣ። “መስኮት በጊዜ እዘጋለሁ፤ አጎበር አለኝ፤ ከቤቱ ኋላ ያቆረውንም ውሃ አስደፍናለሁ... ይላሉ።”

“ጨው ለመቀነስ?”

ያኔ ነው የገባኝ። ቬትናምኛ ቃሉ አንድ ሆኖ ዜማው ሲለወጥ ትርጉሙ ይለወጣል። “ሙኦይ” ድምፅ ሽቅብ ሲወጣ ጨው ነው፤ ሽቅብ እየወጣ መሐል ላይ ሰበር ሲል ደግሞ ቢምቢ ነው። እኔ ሰበር አድርጌዋለሁ። ሽማግሌውም ወባ ካለበት ቆላ ስለመጡ ሐኪሙ ስለ ቢምቢ ማሰቡን አደነቁ እንጂ አልጠረጠሩም።

ዜማውን ትቼ ዕቃውን በስሙ ጠራሁት። “ወጥ ውስጥ የሚገባው ነጩ። ኮምጣጣው ጎመን። የደረቀው ዓሣ። ኑክ ማም።”

ኑክ ማም ስል ፊታቸው ተለወጠ። ኑክ ማም ዓሣ በጨው ለወራት ተቀምጦ የሚወጣው መረቅ ነው፤ ሽማግሌው ያለሱ አይበሉም። ከወንዝ በተጠመደ ዓሣ ራሳቸው ሠርተው በማሰሮ ከጓሯቸው አስቀምጠዋል። ሽታው ነፋስ ሲኖር መንገዱ ድረስ ይወጣል፤ የሞተ አህያ ፍለጋ የመጡ ሰዎች ነበሩ።

“ኑክ ማም ጨው አይደለም” አሉ ቆፍጠን ብለው። “ኑክ ማም ኑክ ማም ነው።”

“ከምንድን ነው የተሠራው?”

“ከዓሣ።”

“ከዓሣና ከምን?”

ግድግዳውን አዩ። “ከትንሽ ሙኦይ” አሉ፣ ዜማውን አሳምረው።

የቀረው ቀላል ነበር። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው፣ ምግብ ሳይቀምሱ ይመዘናሉ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደታቸው ሁለት ኪሎ ያህል ከጨመረ፣ እግር እንደገና ካበጠ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመጣሉ። መጨረሻ ላይ ነርሷ፣ “ክኒኖቹን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይዋጡ” አለች። ተረጎምኩ። ሽማግሌው “ጠዋት ሁለት ሰዓት” ብለው መለሱ። ተረጎምኩላት። ረክታ ፈረመች።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ የግቢው ዘበኛ ይጠብቀኛል።

“ጓድ እባክዎ ሌሊቱን ማሳ ሲያጠጡ አደሩ” አለኝ።

“ምን?”

“በአፍ አይነገርም። ፋኖስ ይዘው ይወጣሉ፤ ይገባሉ፤ ደግሞ ይወጣሉ። እኔ መጀመሪያ ሌባ መስለውኝ ነበር። በኋላ አዘንኩላቸውና ፋኖሱን ያዝኩላቸው።”

የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት በእሳቸው ሰዓት ስምንት ነው። የእሳቸው “ጠዋት ሁለት ሰዓት” ደግሞ የእኛ ከሌሊቱ ስምንት ነው፤ እነሱ ያንንም ጠዋት ይሉታል። ወዲያና ወዲህ ሲተረጎም ቃል በቃል ልክ ነበር፤ የትም ቦታ አልተጋጨም። ሽማግሌው የሚደውል ሰዓት ሞልተው፣ በትእዛዙ መሠረት ተነሥተው ውጠዋል። ቤታቸው ስሄድ ዓይናቸው ቀልቷል፤ እግራቸው ግን ቀጭን ሆኗል። “ቦዩ በደንብ ተከፍቷል” አሉኝ።

ለሆስፒታሉ ስልክ ደወልኩ። ነርሷ የዛሬውን እንዳይደግሙ፣ ከነገ ጀምሮ ቁርስ እንደበሉ እንዲውጡ ነገረችኝ። ከዚያ፣ “ሰዓት የሚባል ነገር ከወረቀቱ አውጣ” ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ያን ቀን ሽማግሌው ጋ ተቀምጠን መመሪያውን እንደገና ጻፍነው። እኔ እላለሁ፤ እሳቸው ያርማሉ። “ጓድ” የሚለውን በሙሉ ሰረዙት። “በየዕለቱ ክብደትን መከታተል” ያልኩትን “ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ውጣ” አደረጉት። ሰዓት ያለበት ቦታ “የሩዝ ገንፎህን እንደጨረስክ” የሚል ገባ። ትንፋሽ ማጠር ያልኩትን “ትራስ ደርበህ ካልሆነ መተኛት ካቃተህ” ብለው ለወጡት። ሲያልቅ ለሩዝ ገበሬ የሚነበብ ነገር ሆነ። ምድጃው አጠገብ ለጠፉት።

ምግብ የሚሠሩላቸው ከቅርቡ ከጀውሃ የመጡ ሴት ነበሩ፣ እትዬ እንላቸዋለን። የኑክ ማሙ ማሰሮ መከልከሉን ስነግራቸው እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። “አልሐምዱሊላህ፤ ዶክተሩን አላህ ይጠብቀው።”

“ትንሽ ጨው ብቻ ነው ያለበት ይላሉ” አልኳቸው።

“ትንሽ? ማሰሮው ከአፋር የመጣ አንድ ግመል ጭነት ጨው በልቷል እኮ።”

በኑክ ማም ፋንታ ሎሚ፣ ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ሰጧቸው። ሽማግሌው ቀመሱ፤ እንባቸው ወረደ። “ጥሩ ነው። ዓሣው ግን ጠፍቶበታል” አሉ።

ሚዛን የነበረው መጋዘን ውስጥ ነው፣ የጆንያው ሚዛን። ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት በቁምጣ ይወጡበታል፤ የመጋዘኑ ኃላፊ እንደ ኩንታል ጮክ ብሎ ቁጥሩን ይናገራል። ሰንብቶ ሠራተኛው ሁሉ መመዘን ለመደ። ቀበሮ የመሰለ ሰው ከበሬ በለጥኩ እያለ ይከራከር ነበር።

አንድ ጠዋት ሽማግሌው ራሳቸው ቢሮዬ መጡ። አንገታቸውን ደፍተዋል። “ቻው፣ ታችኛው ማሳ ውሃ ይዟል። ሚዛኑም ጨምሯል።”

“ማሰሮውን ጎበኙት?”

“ሦስት ቀን። በማንኪያ።” ጫማቸውን እያዩ፣ “ትልቅ ማንኪያ ነው” አሉ።

በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታሉ ወጣን። ሐኪሙ መርምሮ ክኒኑን ትንሽ አስተካከለላቸው፤ በጊዜ በመምጣታቸው መተኛት ሳያስፈልጋቸው ቀረ። ነርሷ ምን እንዳመጣቸው ንገሩኝ ስትላቸው ወረቀቱን ከኪሳቸው ሳያወጡ ከላይ እስከ ታች በቃላቸው አሉላት፤ ማንኪያውንም አልደበቁም። እኔ ስተረጉም ሰማችና ማንኪያው ጋ ስደርስ ፊቷን አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

እትዬ ማሰሮውን ከእርሻው ዳር አስቀበሩት። ጅብ አወጣው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ጅቦች ጓሮውን እየዞሩ ያሸቱ ነበር፤ ዘበኛውም ፋኖስ ይዞ የሚሸኘው አላጣም።

ሽማግሌው ሩዙ እስኪታጨድ ቆዩ። ምርቱ ደህና ነበር። የሄዱ ዕለት ሠራተኛው ተሰብስቦ ሸኛቸው፤ ምድጃው ጋ የነበረውንም ወረቀት አጥፈው ደረት ኪሳቸው አስገቡት። መኪናው ሲነሣ መጋዘኑ ደጃፍ የቆሙት ሁሉ “ቻው፣ ጓድ እባክዎ!” እያሉ እጃቸውን አወዛወዙ። ሽማግሌው በመስኮት ብቅ ብለው ወደ እኔ አዩ፤ በእሳቸው ጆሮ መቶ የወንድም ልጅ ነው የሚጣራው። ለሁሉም በየተራ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።