ወፍራም ሹሩባ ብቻ

የሥራ ፈጠራ አሰልጣኙ የመስኮቱ መስታወት በረገፈ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ ንጹሕ ጃኬቱን ለብሶ ቆመና «የእናንተ ችግር የገንዘብ ሳይሆን የሐሳብ ነው» አለ። ቶይባ አብዱልጀሊል ደሟ ፈላ። ግንቦት 2014 ነው፤ ወልድያን ይዞ የነበረው ጦር ለቆ ከወጣ ገና መንፈቅ አልሞላውም። እጇን አወጣች።

«የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ያለፈንን ለማካካስ ከጧት እስከ ማታ ክፍል ነን። ማታ ሰዓት እላፊ አለ። ያለኝ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነው። ኪሴ ደግሞ ባዶ ነው። ምን ልሥራ?»

«የእንቁላል ዶሮ በጣም አዋጭ ነው።»

«የት ላርባት? አልጋዬ ሥር?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ደብተሯን አንሥታ ወጣች።

አባቷ መርሳ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ታጣቂዎቹ የስፌት መኪናቸውን ጭነው ሊወስዱ ሲመጡ ታላቅ ወንድሟ ሙባረክ በር ላይ ቆሞ «ይቺን ተዉልን» አለ። መኪናዋም ሄደች፣ ሙባረክም ተገድሎ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አባቷ ለሳሙናና ለኮፒ የሚልኩላት ሳንቲም የለም። ደላላዋ ከድጃ «ልጅቷን ዓረብ አገር ልላክልዎ፤ የጉዞው በኔ» እያለች ደጃቸውን ትረግጣለች። አባቷም እንቢ ማለቱ ደክሟቸው «እስከ ሐምሌ ድረስ ራስሽን ካልቻልሽ ምን አደርጋለሁ?» ብለዋታል።

ቶይባ ያላት አንድ ሙያ ሹሩባ መሥራት ነው። ቅዳሜ እንደ ደረሰ ሂሩት ፀጉር ቤት ገባች። ሂሩት የፀጉር ማድረቂያው ካስኩም መስታወቱም ተዘርፎባት፣ ከባዶ ወንበሮች ጋር ተፋጣ ትውላለች።

«መብራት የለም፤ ካስክ የለም። ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለቻት።

«ሹሩባ። ሹሩባ ደግሞ መብራት አይጠይቅም።»

«ግማሽ ለኔ ነዋ።»

«እጁ የኔ፣ ጣቱ የኔ፣ ግማሹ ላንቺ?»

«ወንበሩ የኔ፣ ኪራዩ የኔ፣ ግብሩ የኔ! ከፈለግሽ አስፋልት ላይ ሥሪ።»

ተናቆሩ። መጨረሻ ላይ ሲሶ ለሂሩት ተባባሉ፤ ሁለቱም የተበሉ መሰላቸው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሙሽራ ነበረች፤ ቀጭን ሹሩባ ፈለገች። ቶይባ ለምትከፍላት ሁለት መቶ ብር ጓጓች። እሑድን ከጧት እስከ ማታ ቆማ ስትሠራ ውላ፣ ጣቶቿ ደንዝዘው፣ ደብተር ሳትገልጥ አደረች። ሰኞ የነበረባትን ፈተና ወደቀች። ወረቀቱን እያየች ጥርሷን አፋጨች። የተናደደችው በራሷ ላይ ነበር፤ ወጪና ገቢ ስትማር ሦስት ዓመት የቆጠረች ሰው የገዛ ሰዓቷን ሳታሰላ ሸጠች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሂሩት አንዲት ሴት አስቀምጣ ጠበቀቻት።

«ቀጭን ነው የምትፈልገው። ቶሎ በይ።»

«ቀጭን አልሠራም። ወፍራም ብቻ፤ እሱንም ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ።»

«አብደሻል? ሁለት መቶ ብር ልትመልሺ?»

«ቀጭኑ ቀኔን ሙሉ ይበላል። ወፍራሙ ሰባ ብር ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። በግማሽ ቀን አራት ሴት ብሠራ ለኔም ላንቺም ይበልጣል። እሑድ ደግሞ አጠናለሁ።»

«አራት ሴት ከየት ታመጫለሽ?»

«ከዶርም። ፀጉሩ ያልተንጨባረረ ማን አለ? ውኃ እንኳ በወረፋ ነው።»

ሂሩት ሴትዮዋን እያጉረመረመች ሸኘች። በሩን ስትዘጋው ቆርቆሮው ጮኸ። «ሦስት ብቻ ቢመጡ ትወጫለሽ» አለች።

ቶይባ ዶርም ደወለች፤ ቀድማ የመጣችው የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ብዙነሽ ነበረች። ቶይባ የሚቀጥለውን ፈተና ማስታወሻ ሰጠቻትና «ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለቻት።

«ከፍዬም ላስጠናሽ?»

«አንቺም ትፈተኛለሽ። አንብቢ፣ አትነቃነቂ።»

ሳቅ ሆነ። ቀጥለው ሁለት መጡ፤ ከዚያም ወረፋ የያዘችው አራተኛዋ «እኔ ሁለተኛውን ምዕራፍ ነው የማነበው» ብላ ገባች። ሂሩት ድርሻዋን ቆጥራ ተቀበለችና ሌላ ወንበር ትጠርግ ጀመር።

ሰኔ ሲገባ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቶይባ ሂሩት ዘንድ እየሠራች ሳለ አባቷ ደወሉ።

«ልጄ፣ ከድጃ መጥታ ተቀምጣለች። ፓስፖርት ይውጣ ትላለች።»

«አባባ፣ የሳሙናዬንና የኮፒዬን ችያለሁ። ያንን የወደቅሁበትን ፈተናም ደግሜ አልፌዋለሁ። አልሄድም በሏት።»

«ድምፅሽ ምነው? ተናደሽ ነው?»

«አዎ። ሙባረክ የሞተላትን መኪና ማንም አልመለሰም። አንድ ሰው እንኳ ይቅርታ አላለም። እርስዎ ደግሞ የቀረችዎትን ልጅ በአውሮፕላን ሊልኩ ነው።»

አባቷ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁ። ቀጥሎ ድምፃቸው ራቅ ብሎ ተሰማት፤ ለእሷ አልነበረም። «ከድጃ፣ ተነሽ። ልጄ ትምህርት ላይ ናት።»

ቶይባ ስልኩን ዘጋች። ንዴቷ አልበረደም። እጇን ታጥባ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ፀጉር መሐል ለመሐል ከፈለችው።