በቀይ የተሰመረባቸው አሥራ አንድ ገጾች

ሴትየዋ ቢሮዬ ስትገባ አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ አላወለቀችም። ነሐሴ ነበር፤ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የቆመ መኪና በር ሲነካ ጣት የሚያቃጥልበት ወቅት። ላብ በጆሮዋ ሥር ይወርዳል፣ እሷ ግን ሻርፑን የበለጠ ታጠብቀዋለች። ውሃ ሰጠኋት። ሁለቴ ተጎነጨችና አንገቷን እንደሚያማት ሁሉ ፊቷን አጨማዳ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

እኔ በዚያን ጊዜ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ወረቀት እተረጉም ነበር። የልደት ምስክር ወረቀት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የትምህርት ማስረጃ። ከዚያ ሌላ፣ ባሎቻቸው የሚደበድቧቸው ሴቶች ለፍርድ ቤት የሚሰጡትን ቃል ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ በነፃ ለምታገለግል አንዲት ጠበቃ እልክላት ነበር። ጠበቃዋ ወላጆቿ ከአገር ቤት የመጡ፣ እሷ ግን እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ቢሮዬ ትመጣለች፤ በሌላው ቀን በኢሜይል ነው።

ሴትየዋ ከፌስታል ውስጥ ደብተር አወጣች። አሥራ አንድ ገጽ ሞልታለች። እያንዳንዱ መስመር ሥር በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል፤ በእያንዳንዱ መስመር ጎን «አስቸኳይ» ተብሎ ተጽፏል። አንዳንዱ ጋ ሦስት ጊዜ።

«እትዬ፣ ሁሉም ነው?» አልኳት።

«ሁሉም ነው የኔ እህት። አንዱንም እንዳትተዪብኝ።»

እያነበብኩ ሄድኩ። ፓስፖርቴን ደበቀ። እናቴን በስልክ ሰደበ። ቴሌቪዥኑን በመዶሻ ሰበረ። ቤተ ክርስቲያን እንዳልሄድ ጫማዎቼን በመቀስ ቆረጠ። የመኪና ቁልፌን ወሰደ። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ በመኪናው ቁልፍና በተጣለ ምግብ መካከል፣ ይህ ነበር፦ ባለፈው እሑድ ልብሴን ልወስድ ቤት ስገባ በሁለት እጁ አነቀኝ፤ ራሴን ሳትኩ፤ ስነቃ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስከ ቅዳሜ ካልተመለስሽ እዚያው ሥራሽ ቦታ እገልሻለሁ አለኝ።

አነበብኩት። ደነገጥኩም። ግን ከሱ በፊት ስድስት ገጽ ሙሉ ስደነግጥ ነበር የመጣሁት፤ ስምንተኛውን ገለጥኩ።

ከዚያ እሑድ ቀደም ብላ ቫን ናይስ ሰፈር ያለውን ቤቷን ለቃ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ጓደኛዋ ጋ ገብታለች። ሥራዋ ግን እዚሁ ፌርፋክስ ላይ፣ ከሥጋ ቤቱ ጎን ካለ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ነው፤ ባልየው ደግሞ ታክሲ ነጂ ስለሆነ መንገዱንም ሰዓቷንም ያውቃል።

ያን ቀንና ማግስቱን ስተረጉም ዋልኩ። አንድ ቃል አላስቀረሁም። እሷ ያሰመረችውን ሁሉ በቀይ አደረግሁት፤ «አስቸኳይ» ያለችውን ሁሉ በትላልቅ ፊደላት ጻፍኩት። የሷን መከራ መዝኜ ይህ ከባድ ነው፣ ይህ ቀላል ነው የምል እኔ ማን ነኝ ብዬ ነው። በኢሜይሉም ራስጌ ላይ «በጣም አስቸኳይ» አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በፊት ለጠበቃዋ የላክሁት ኢሜይል ሁሉ «በጣም አስቸኳይ» ይል ነበር። የአንዱን ሰው የተሳሳተ የልደት ቀን ሳርም እንኳ።

ዓርብ መለሰችልኝ። «አየሁት። ማክሰኞ ስመጣ አብረን እንሠራዋለን» ትላለች።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የረሳሁትን ወረቀት ልወስድ መጥቼ ከሕንፃው ጀርባ ፓርክ አደረግሁ። መኪናዬን ሳልቆልፍ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም፤ ጩኸት ሊሆን ያልቻለ ነገር ነበር። ምግብ ቤቱ በጀርባ በኩል ቆሻሻ የሚጥልበት ጋ፣ ሰውየው ጀርባዋን ከብረት ገንዳው ጋር አጣብቆ አንገቷን ይዟታል። ሽርጥ ለብሳለች። እግሮቿ መሬቱን ይፍቃሉ፣ አንዱ ጫማዋ ወልቋል። ፊቷ ጠቁሯል። እሱ አይጮህም፣ አይሳደብም፤ አንድ ከባድ ዕቃ እንደያዘ ሠራተኛ ነበር የሚተነፍሰው።

ጮህኩ መሰለኝ። የሥጋ ቤቱ ሽማግሌ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ በጀርባ በር ወጡ። ቢላዋቸውን እዚያው ጥለው ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት፤ ኋላ ሳስበው ያ ራሱ አንድ ሰው አድኗል። ከኋላ ወገቡን ጠምጥመው ጎተቱት። አልላቀቀም። እጁን ነከሱት። ያን ጊዜ ዞሮ በግንባሩ አፍንጫቸውን መታቸው፤ የተሰበረበት ድምፅ እስካሁን ይሰማኛል። ጋሼ በጉልበታቸው ወደቁ፣ ደሙ ነጭ ጋዋናቸው ላይ ፈሰሰ። ሴትየዋ ገንዳው ሥር ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሆዷን ሁለት ጊዜ ረገጣት። ከዚያ እኔን አየኝ፣ በእጄ የያዝኩትን ስልክ አየ፣ ወደ ታክሲው ሄዶ ገባና ነዳ።

አምቡላንስ መጣ፣ ፖሊስም መጣ። ፖሊሱ እዚያው ቆሞ ተረኛ ዳኛ ጋ ደውሎ እስከ ዓርብ ብቻ የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ የጥበቃ ትእዛዝ አወጣላት። ሰውየው ግን አልተገኘም። ሆስፒታል ስደርስ የዓይኖቿ ነጭ ክፍል በደም ነጠብጣብ ተሞልቷል፤ ድምፅዋ እንደ ወረቀት ይንሿሿል። ሻርፑን አውልቀውላታል። አዲሱ የጣት ምልክት ሥር ቢጫ የሆነ አሮጌ ምልክት ነበር። የእሑዱ።

ከሆስፒታል ደውዬ ነግሬያት ስለነበር ሰኞ ጠዋት ጠበቃዋ ሥራዋን ትታ ቢሮዬ መጣች። የላክሁላትን ፕሪንት አድርጋ ይዛዋለች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው፤ ቀይ ብቻ ነበር የሚታየው።

«ሁለት ገጽ አነበብኩ» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «ፓስፖርት፣ ስድብ፣ ቲቪ። ሁሉም ቀይ። ሶ፣ ሁሌ እንደምትልኪው ነው ብዬ አሰብኩ። ሰባተኛው ገጽ ጋ አልደረስኩም።» ወረቀቱን እየገለጠች ሰባተኛው ላይ ቆመች። «መድረስ ነበረብኝ። አንቺም ልትደውዪልኝ ይገባ ነበር።»

ሁለታችንም አለቀስን አልልም። እሷ ኮምፒውተሯን ከፈተች። እኔ ሴትየዋን ከጓደኛዋ ቤት ላመጣ ድራይቭ አደረግሁ።

ሴትየዋ ስትቀመጥ ሆዷን ደግፋ ነው። ጠበቃዋ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፦ «ከነዚህ ውስጥ ዛሬ ዳኛው ባያቆመው፣ እስከ ዓርብ ሊገድልሽ የሚችለው የቱ ነው?»

«ሁሉም አስቸኳይ ነው» አለች በዚያ በተቆረጠ ድምፅ። «የሄድኩበት ሁሉ አስቸኳይ ካላልኩ ወረፋ ጠብቂ ነው የሚሉኝ። እናቴን የሰደበው ቀላል ነው እያላችሁኝ ነው?»

እኔ ነኝ የመለስኩላት። «ቀላል አይደለም እትዬ። ግን ዳኛው ዛሬ የሚያነበው የሃምሳ ሰው ወረቀት አለው። እኔ ሁሉንም በቀይ ስጽፍ የትኛው እጅ አንገትሽ ላይ እንዳለ ከጠበቃሽ ደበቅሁ፤ እንዲሁ ከሰጠነው ከዳኛውም ይደበቃል። ስድቡን አንጥለውም፤ ወደ ኋላ እናስቀምጠዋለን።»

ሴትየዋ ደብተሩን ወደ ራሷ ጎተተችና ሰባተኛውን ገጽ ቀደደችው። ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ የሠራነው ሥራ ከድብደባው ባልተናነሰ አሳመማት። መጀመሪያ የቅዳሜው፦ ስንት ሰዓት፣ የት፣ በአንድ እጅ ነው በሁለት፣ ራስሽን ሳትሽ ወይ፣ ማን አየ። ቀጥሎ የእሑዱ። ቀጥሎ ሽጉጡ። ያንኑ ነገር ሦስት አራት ጊዜ አስደገምናት። አንድ ቦታ ላይ «ሽጉጡን ግንባሬ ላይ ደገነ በሉ» አለች።

«ደግኗል?» አለች ጠበቃዋ።

ሴትየዋ ዓይኗን ወደ ደብተሩ መለሰች።

«በመሐላ ነው የምትፈርሚው። ውሸት ከሆነ ሕጉ አንቺን ይጠይቃል። ደግሞ ባልሽ አንዷን ውሸት ካገኘ በሷ እውነቱን ሁሉ ውድቅ ያደርግብሻል።»

«አልደገነም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ አፈ ሙዙን ወደኔ አዞረው። ከዚያ በጣቱ እየነካካው ነው ቅዳሜን የነገረኝ።»

ጠበቃዋ ያንን እንዳለ ጻፈችው። እኔም ሳነበው ከመደገኑ ይልቅ ያ ጣት ነበር ያስፈራኝ።

ሲያልቅ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ። ቀይ የለም፣ ትልልቅ ፊደል የለም። «አስቸኳይ» የሚል ቃል አንድም ቦታ አልገባም። መጀመሪያው አንቀጽ ላይ መቼ እንዳነቃት፣ ስንት ጊዜ እንዳነቃት፣ ሽጉጥ እንዳለው፣ እሷን የት እንደሚያገኛት እንደሚያውቅ፣ እስካሁንም እንዳልተያዘ ተቀመጠ። ፓስፖርቱ፣ ጫማዎቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ እናቷ በቀናቸው ተራ ከኋላ ገቡ። ሴትየዋ ፈረመች።

ዳኛው በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ ጊዜያዊ ትእዛዙን ሰጠ፤ ዋናው ችሎት ከሦስት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተቀጠረ። ማክሰኞ ሰውየውን ኤርፖርት የታክሲ ወረፋ ላይ ቆሞ ሳለ ፖሊሶች ያዙት። ሽጉጡ ከሾፌሩ ወንበር ሥር ነበር፣ ጥይት ጎርሷል። ይህን ስሰማ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ዕለት ወደ ታክሲው ሲሄድ ለመሸሽ መስሎኝ ነበር። ሊሸሽ ይሆናል። ሽጉጡን ሊያወጣ ሄዶ ሐሳቡን ቀይሮም ይሆናል።

ጋሼን ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አፍንጫቸው በፕላስተር ተሸፍኖ ሥጋ እየቆረጡ ነበር። የሆነውን ሁሉ፣ ኢሜይሉን ጭምር ነገርኳቸው።

«አንቺ አይደለሽም ያነቅሻት» አሉኝ። ቢላዋውን ጠረጉና፣ «ግን ነገ አንድ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ብታዪ ወረቀት ትልኪያለሽ ወይስ ትጠሪኛለሽ?» አሉ።

«እጠራዎታለሁ።»

«ኦኬ። እንግዲያው ጨርሰናል።»

ከጠበቃዋም ጋር ውል ገባን። ኢሜይል ላይ የምጽፈው ቀኑንና ምክንያቱን ነው፦ እስከ ሐሙስ፣ ቀጠሮው ዓርብ ስለሆነ። ሰው ሊሞት የሚችልበት ከሆነ አልጽፍም፣ እደውላለሁ፤ እስክታነሳ ድረስ። መጀመሪያ ሰሞን እጄ እየቀደመኝ ያችን ቃል ይጽፋታል፤ እያጠፋሁ ተለማመድኩ። የተቆጡኝም አሉ። አንድ ሰው የቤት ኪራይ ደብዳቤው ላይ «አስቸኳይ» የሚለውን ስላልተረጎምኩለት ወረቀቱን ከእጄ ነጥቆ ወጥቷል።

የችሎቱ ቀን ሰውየውን ከእስር ቤት አመጡት። ዳኛው የመጀመሪያውን አንቀጽ በአስተርጓሚ አስነበበለትና «ይህን አድርገሃል?» አለው። የሱ ጠበቃ እንዳይመልስ ክንዱን ያዘው። እሱ ግን ሴትየዋን እያየ፣ «በቃ ይቺ ወረቀት ናት የቀረችን? አሥራ ምናምን ዓመት አብረን ኖረን?» አለ በአማርኛ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗን አልሰበረችም። ትእዛዙ ለአምስት ዓመት ጸና። የወንጀል ክሱ በሌላ ፍርድ ቤት ቀጠለ።

ከችሎቱ በኋላ፣ ዘመድ ያላት ቶራንስ የሚባለው ከተማ ስለነበር ወደዚያ እኔ ነኝ የወሰድኳት። ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ፍሪዌዩ ላይ እንደወጣን ወንበሩን አስተኛችውና እንቅልፍ ወሰዳት። አፏ ተከፍቶ፣ በተጎዳ ጉሮሮዋ እያንኮራፋች። ከፍሪዌዩ የምንወጣበት ሲደርስ ልቀሰቅሳት አልቻልኩም። አለፍኩት፤ የሚቀጥለውንም አለፍኩት፤ ነዳጅ እስኪያስጨንቀኝ ድረስ ዝም ብዬ ነዳሁ።