እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?

በዚያን ጊዜ ውጭ አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እየኖርኩ አሌክሳንድሪያ መነጽር ቤት እሠራ ነበር። ጠዋት በቀዩ መስመር ባቡር እሄድና መሀል ከተማ ወርጄ የቢጫውን መስመር እይዛለሁ። መንገዱ ረጅም ስለነበር ብዙ አነብ ነበር። ይህን ያዩ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች አንድ እሁድ ጠሩኝና፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ልጆች በሚመረቁበት ዝግጅት ላይ ንግግራቸውን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ለመኑኝ። እሺ አልኩ።

ከተናገሩት ልጆች አንዷን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወረቀት ያልያዘች ልጅ ነበረች። ስለ እናቷ ተናገረች። እናቷ ቀን ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ ከዚያ አረጋውያን መጦሪያ ለሁለተኛ ሥራ ትገባለች። ልጅቷ አንድ አረፍተ ነገር ትልና ዞር ብላ ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ አፌ እንዳመጣልኝ እመልሳለሁ። «እናቴ በጣም ነው የምትሠራው እኮ። ደክሟት ትመጣለች፣ ማታ፣ ከሥራ። እና ምን መሰላችሁ፣ አንድም ቀን ደከመኝ ብላ አታውቅም፣ በቃ።» አዳራሹ ሳቀ፣ ቀጥሎም አለቀሰ። እናቲቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አዘጋጆቹ የዕለቱን ንግግሮች በአንድ ትንሽ መጽሔት ሊያሳትሙ ወሰኑ። ቪዲዮውን ሰጡኝ። እያቆምኩ፣ እየመለስኩ የራሴን ድምፅ ቃል በቃል ጻፍኩት። ጨርሼ ሳነበው አፈርኩ። አዳራሹን ያስለቀሰው ንግግር ወረቀት ላይ የስልክ ወሬ መስሏል።

ለማን እንደማሳየው አውቅ ነበር። ከመነጽር ቤቱ አንድ መንገድ አለፍ ብሎ ካለው የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ በመስታወት ክፍሏ ውስጥ ተቀምጠው ቲኬት የሚቀበሉ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። አዲስ አበባ ሳሉ ብዙ ዘመን ጋዜጣ ላይ አርታኢ ነበሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይቺን ቢያዩልኝ።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አነበቡ። በመሀል መኪና ሲመጣ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩታል፤ ሲሄድ ያነሱታል።

«ትርጉሙ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ግን ይሄ የሚሰማ እንጂ የሚነበብ አይደለም። ስትናገሪ ፊትሽም እጅሽም ያግዙሻል። ወረቀት ላይ ያለሽ አረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።»

እርሳስ አወጡ። «እኮ»ን ሰረዙ። «በቃ»ን፣ «ምን መሰላችሁ»ን ሰረዙ። «ይሄ» ያልኩትን ሁሉ «ይህ» አደረጉት፤ «እኛ ጋ»ን «እኛ ዘንድ» አሉት። ከግሱ በኋላ የተንጠለጠሉትን «ማታ፣ ከሥራ» በቀስት ወደ ፊት ጎተቷቸውና «ማታ ከሥራ ደክሟት ትመጣለች» ሆነ። «አየሽ፣ ግሱ ይዝጋው። ሰው ሲያወራ ትዝ ያለውን ከኋላ ይቀጥላል፤ ሲጽፍ ግን አስቀድሞ አስቦ ነው የሚጀምረው።» የተቆራረጡትን አጫጭር አረፍተ ነገሮች ደግሞ በ«ሆኖም» እና በ«ስለሆነም» እያያያዝኩ እንድጽፍ ነግረውኝ ሸኙኝ።

ያን ሳምንት ባቡር ላይ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ወረቀቱን ቦርሳዬ ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። እንዲያ ያለ ደስታ ከትምህርት ቤት ወዲህ አላገኘሁም ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን አበዛሁት። እናትየው የምትከበር ሴት ናት ብዬ «እሷ» ያልኩትን ሁሉ «እርሳቸው» አደረግሁት። እናትየው ከአውቶቡስ ላይ ደውላ ለልጅዋ የምትላትን እንኳ አልተውኩም። ልጅቷ ራሷ በአማርኛ የተናገረችው «መጣሁ፣ ባስ ላይ ነኝ። እራትሽን ብይ፣ አትጠብቂኝ» የሚል ነበር። እኔ «በመምጣት ላይ እገኛለሁ፤ እራትሽን ተመገቢ» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ሁልጊዜ የምትመልሰውን «ኦኬ፣ ማሚ» ደግሞ «እሺ፣ እናቴ ሆይ» አልኩት። ሳሳያቸው ሽማግሌው ጥድፊያ ላይ ነበሩና አይተው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አለፈ።

ከመታተሙ በፊት ለእናትየው ላንብብላት ብዬ ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ። መጽሔቱን ደብረ ማርቆስ ላሉት አባቷ ልትልክ እንዳሰበች ነገረችኝ፤ ስለዚህ የበለጠ ኮራሁ። ሶፋው ጫፍ ላይ እጆቿን አጣምራ ተቀመጠች። «ወላጅ እናቴ በሁለት የሥራ መስኮች ተሰማርተው ያለ ዕረፍት ይደክማሉ» ብዬ ጀመርኩ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ።

«እህቴ፣ በጣም ያምራል» አለች። «ግን እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀችም።

«የኔ ልጅ አንቱ ብላኝ አታውቅም። የዛን ቀን ስሰማ ስለ እኔ ነበር። አሁን የሌላ ሰው እናት መሰለችኝ። አባቴስ ሲነበብላቸው፣ ልጅቷ እናቷን እንደ ባዳ ነው የምታያት አይሉም?»

 ወረቀቱን አጥፌ በኀፍረት ወደ ቤቴ በእግሬ ተመለስኩ። ሰኞ ለሽማግሌው ስነግራቸው፣ መጀመሪያ ሁለት መኪና አሳለፉ።

«ጥፋቱ የሁለታችን ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንቱውን አንቺ ጨመርሽ፣ እኔ አሳለፍኩ። የጽሑፍ ቋንቋ ማለት አንቱ ማለት አይደለም። ልጅ እናቷን በጽሑፍም አንቺ ልትል ትችላለች። የተሟላ ቃል፣ የተዘጋ አረፍተ ነገር፣ የተያያዘ ሐሳብ፤ ይኸው ነው። የሰው አፍ ውስጥ ያለ ንግግር ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ ይታጠርና እንዳለ ይቀመጣል።»

እዚያው ክፍሏ በር ላይ ቆሜ አብረን አስተካከልነው። «እርሳቸው» ወደ «እሷ» ተመለሰ። «እናቴ በሁለት ቦታ ትሠራለች። ሆኖም አንድም ቀን ደከመኝ ስትል ሰምቻት አላውቅም» ተባለ። የአውቶቡሱ ስልክ በጥቅስ ውስጥ «ባስ» ከሚለው ቃሉ ጋር ገባ። «ኦኬ፣ ማሚ» ላይ ሲደርሱ እርሳሳቸው ቆመ። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ነገር እንዳላሳተሙ ገባኝ።

«ሌላ መልስ መልሳላት ታውቃለች?» አሉኝ።

«አታውቅም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይቆይ።»

መጽሔቱ ታትሞ ሲወጣ እናትየው አምስት ቅጂ ወሰደች። አንድ ቀን አመስግና ልትጋብዘኝ ጠርታኝ ስሄድ ልጅቷም ነበረች። የአማርኛ ፊደል ማንበብ አትችልም ነበርና እናቷ ጎኗ ተቀምጣ አነበበችላት። ቀስ ብላ፣ በጣቷ መስመሩን እየተከተለች ነው የምታነበው። የስልኩ ቦታ ላይ ስትደርስ ድምጿ ተቀየረና እንደምትደውልበት አድርጋ አለችው። ልጅቷ ጮክ ብላ ሳቀች፤ ቀጥላ በእንግሊዝኛ፣ «ሌላውን ግን እኔ እንዲህ ብዬ ነው የተናገርኩት?» ስትል ጠየቀች።

«አዎ፣ ብለሻል» አለቻት እናቷ በአማርኛ። «ክት ልብሱን ለብሶ ነው እንጂ ያንቺው ነው።»

ከዚያ በኋላ ሌሎች ንግግሮችም አመጡልኝ፤ የሠርግ፣ የልደት፣ የስንብት። ለስድስት ዓመት ያህል ሁሉንም ይዤ እዚያች የመስታወት ክፍል በር ላይ እቆም ነበር። በኋላ ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው ሮክቪል ከተማ ልጃቸው ጋ ገቡ። አልፎ አልፎ እየደወልኩ የከበደኝን አረፍተ ነገር አነብላቸዋለሁ። ሰላምታ ሳያስቀድሙ፣ «መጀመሪያ ማን ለማን እንደሚናገር ንገሪኝ» ይሉኛል።